ጭሱ ወተቱን ያጣፍጠዋል እንጂ አያፈላውም

ስለ እርጎ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ቅሉ በወይራ ከታጠነ ወተቱን ምንም አይነካውም፤ አያቶቻችን መቼ ወተት አፍልተው ያውቃሉ?» ይላል። ሌላው ስልኩ ላይ ያነበበውን ይዞ ይመጣል፤ «ጭስ ካንሰር ያመጣል፣ ቅሉ ይጣልና ፕላስቲክ ይገዛ» ባይ ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ ስህተታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ጭሱን ከሚሠራው ሥራ በላይ ያገዝፉታል። አንዱ መድኃኒት ያደርገዋል፣ ሌላው መርዝ። ጭሱ ግን በቅሉ ውስጥ የሚሠራው ሥራ የተወሰነ ነው። ያ ሥራ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ያላወቀ ቤተሰብ ጣፋጭ እርጎ እየጠጣ ሊታመም ይችላል።

ነገሩን ከቅሉ መጀመር ይሻላል። ቅል ብርጭቆ አይደለም። በደንብ ጎምርቶና ደርቆ አንገቱ ይቆረጣል፣ ፍሬውና ውስጡ ያለው ስፖንጅ መሳይ ነገር ተፍቆ ይወጣል፣ ከዚያ ውሃ እየተሞላና እየተደፋ ለቀናት ይዘፈዘፋል። ይህ መዘፍዘፍ የወግ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መራራ ቅል ውስጥ ያለው መራራ ንጥረ ነገር ሆድ የሚያውክ ነው፤ ስለዚህ ያደረው ውሃ ቀምሰው ሲተፉት ምሬቱ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ወተት አይገባበትም። ከዚህ ሁሉ በኋላም የቅሉ ግድግዳ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ወተት በገባ ቁጥር ቅባቱና ፕሮቲኑ በእነዚያ ቀዳዳዎች ይሰርጋል። ሳይታጠብ ሲቀር ሽፋን ይሠራል፣ በሽፋኑ ሥር ደግሞ ተህዋስያን ይኖራሉ።

እዚህ ላይ አንድ መልካም ነገር መነገር አለበት። እርጎ በባህላችን እርሾ ሳይጨመርበት የሚረጋው በእነዚህ የግድግዳ ነዋሪዎች ምክንያት ጭምር ነው። ትናንት የነበረው እርጎ ያስቀረው ጥሩ ባክቴሪያ ዛሬ የሚገባውን ወተት ያስጀምረዋል። የአንዷ ቤት እርጎ ከጎረቤቷ የተለየ ጣዕም የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ላም ቢያልቡ እንኳ ቅላቸው አንድ አይደለም። ችግሩ ግድግዳው እንግዳ የማይመርጥ መሆኑ ነው። ጥሩውን እንዳስቀረ ሁሉ በቆሸሸ እጅ፣ በኩበት ብናኝ ወይም ባልጠራ ውሃ የመጣውንም ያስቀራል።

ለዚህ ነው ባለሙያ ሴቶች ከማጠናቸው በፊት አጥብቀው የሚያጥቡት። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፤ ሙቅ ውሃ ቀድሞ ከገባ የወተቱን ፕሮቲን ግድግዳው ላይ ያጣብቀዋል። ቀጥሎ ሙቅ ውሃና ጥቂት ንጹሕ ጠጠር ገብቶ ይነቀነቃል፣ ወይም እጅ የማይደርስበት አንገት በረጅም እንጨት ላይ በታሰረ ሻካራ ነገር ይፈተጋል። እንደ ግራዋ ያለ ሻካራ ቅጠል ያላቸውም በዚያው ያሹታል። የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል ይደጋገማል። ከዚያ ቅሉ ተገልብጦ በፀሐይ ይደርቃል። መድረቁ ዋና ነገር ነው፤ እርጥብ ቅል ላይ የሚሄድ ጭስ ውሃው ላይ ይቀራል እንጂ ግድግዳው ጋር አይደርስም።

መታጠቡን ለማወቅ አፍንጫ ይበቃል። የደረቀው ቅል አፉ ላይ አፍንጫ ቀርቦ ሲሸተት የቆየ ቅቤ ወይም የገማ አይብ ሽታ ካለው አልታጠበም። ይህ ሽታ መፈለግ ያለበት ከጭሱ በፊት ነው። ከጭሱ በኋላ የወይራው ሽታ ሁሉን ይሸፍነዋል፣ ያኔ ቆሻሻውን የሚያገኘው ሰው የለም። «ትንሽ ሽታ አለው፣ ግን ሳጥነው ይለቀዋል» የሚባለው አነጋገር በብዙ ቤት የሚሰማ ነው፤ አደገኛው ልማድም ይኸው ነው። ጭስ ሽታ ያጠፋል፣ ቆሻሻ አያጥብም።

ማጠኑ ራሱ ቀላል ይመስላል፣ ግን ልዩነት የሚፈጠርበት ቦታ ነው። በገል ላይ ፍም ይደረጋል፤ በፍሙ ላይ ደርቆ የተፈለጠ ወይራ በትንሽ በትንሹ ይጣላል። በአንዳንድ አካባቢ ጥንጁትም ይጨመራል፣ እሱ ጭሱን ቅመም ቅመም ያሰኘዋል። ቅሉ አፉ ወደ ታች ሆኖ ከጭሱ ላይ ይደፋል፣ ጭሱ እንዳያመልጥ ዙሪያው በጨርቅ ይከበባል። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆያል፣ ይነሳል፣ ጭሱ እንዳለ አፉ ተከድኖ እስኪቀዘቅዝ ይተዋል። አንዳንዶች ደግሞ የሚጨስ የወይራ ፍም ቅሉ ውስጥ ከትተው እያንከባለሉ ያጥኑና ፍሙን ይደፉታል። በዚህኛው መንገድ ሙቀቱ ግድግዳውን ስለሚያገኘው ማድረቁ የተሻለ ነው፤ ከሰሉና አመዱ ግን በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ መውጣት አለበት።

ወይራው መጨስ እንጂ መንደድ የለበትም። ነበልባል ከተነሳ ጥሩው ነገር ይቃጠላል፣ የሚቀረው ጥቀርሻ ነው። በጥሩ ሁኔታ የታጠነ ቅል ውስጡ ቡናማ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ደረቅና ሽታው ንጹሕ ነው። ጣት ሲያልፍበት ጥቁር የሚለቅ፣ የሚያብረቀርቅ ወይም የሚያጣብቅ ከሆነ ማጠኑ በነበልባል ተሠርቷል፤ ያ ቅል መታጠብና እንደገና መታጠን አለበት። እንደ ጥድ ያለ ሙጫ የሚያወጣ እንጨት፣ ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ፕላስቲክ ወይም ጋዝ የነካው እንጨት ከቅሉ አጠገብ መድረስ የለበትም።

እንግዲህ ጭሱ ምን ይሠራል? እንጨት ቀስ ብሎ ሲጨስ ሊግኒን የሚባለው የእንጨቱ አካል ይፈርስና ፊኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ይሰጣል። የወይራ እርጎ ሲቀመስ ጉሮሮ ላይ የሚቀረው ያ ሞቅ ያለ፣ ቅመም የመሰለ ጣዕም ከእነዚህ የሚመጣ ነው። ፊኖሎቹ ከውሃ ይልቅ ቅባት ይወዳሉ። ስለዚህ ወተቱ ሲቀመጥ ከግድግዳው ለቅቀው ወደ ስቡ ይገባሉ፤ ከላይ የሚሰፍረው ክሬም ከታችኛው እርጎ ይልቅ የወይራ ሽታ የሚኖረው ለዚህ ነው፣ ከዚያ የሚወጣው ቅቤም እንደዚሁ። ቅቤ ቶሎ እንዳይኮመጥጥ በማድረግም ያግዛሉ፤ ስብ ከአየር ጋር ተገናኝቶ የሚበላሽበትን ሂደት ያዘገያሉ። ከፊኖሎቹ ጋር እንደ ኮምጣጤ ያሉ አሲዶችና ሌሎች ተህዋስያንን የሚያውኩ ነገሮችም ግድግዳው ላይ ያርፋሉ። ሙቀቱና ድርቀቱ ተጨምሮበት በቅሉ ግድግዳ ላይ ያለው የተህዋስያን ብዛት ይቀንሳል።

ይህ የአፈ ታሪክ ጉዳይ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የማይክሮባዮሎጂ ምሁር ሞገሴ አሸናፊ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እርጎን ደጋግመው ያጠኑ ሰው ናቸው። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመው አንዱ ጥናታቸው ዕቃን ማጠንና እርጎው የሚረጋበት ሙቀት በእርጎው ላይ የሚያመጡትን ለውጥ የመረመረ ነው፤ ማጠን ያልተፈለጉ ተህዋስያንን እንደሚያዘገይም ከዚህ ዓይነት ሥራ ታውቋል። እናቶች «የታጠነ ዕቃ ወተቱን ያቆየዋል» የሚሉት እውነት ነው ማለት ነው። ግን ቃሉ «ያቆየዋል» ነው። ማዘግየት መግደል አይደለም።

እርጎን ከበሽታ የሚጠብቀው ዋናው ነገር አሲዱ ነው። ትኩስ ወተት የአሲድ መጠኑ ሲለካ ፒኤች 6.6 አካባቢ ነው። ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ሲለውጡ ቁጥሩ ይወርዳል፤ 4.6 አካባቢ ሲደርስ ወተቱ ይረጋል። ከዚያ በታች ሲወርድ አብዛኞቹ በሽታ አምጪዎች መራባት ያቆማሉ፣ ብዙዎቹም ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ወተቱ ከ6.6 ወደ 4.6 ለመውረድ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል የሚለው ነው። በዚያ መሀል ያለው ጊዜ ክፍት በር ነው። ጭስ ደግሞ መራጭ አይደለም፤ መጥፎውን ሲያዘገይ ጥሩውንም ያዘገየዋል። ይህ ነው ብዙ ሰው ያላሰበው ነገር።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ደብረ ብርሃን ዙሪያ የምትኖር አንዲት እናት ትታሰብ። ሁለት ላሞች አሏት። አገሩ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። በዓል ስለቀረበ ቅሉን ከወትሮው አብዝታ አጥናለች። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሁለት ሊትር ያልፈላ ወተት ቅሉ ውስጥ አደረገች። ሲነጋ ወተቱ እንዳለ ነው፣ አልኮመጠጠም። «ወይራው ያዘው» ብላ ደስ አላት፣ ለትንሹ ልጇ አንድ ኩባያ ቀዳችለት። ከዚያ የጠዋቱን ሁለት ሊትር እላዩ ላይ ጨመረችበት። ቀን ላይ መወፈር ጀመረ፤ ማታ ሌላ ሁለት ሊትር ጨመረች። የረጋው ገና በሦስተኛው ቀን ነው።

ይህች እናት ያደረገችው ሁሉ ወግ የጠበቀ ነው፤ ለመግፋት የሚበቃ ወተት ለማጠራቀም ሌላ መንገድም የለም። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ተደራርበዋል። ብርዱ ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎች አዘግይቷቸዋል፤ ምቾታቸው 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በብርድ ሌሊት ይተኛሉ። የበዛው ጭስ ከግድግዳው ላይ የነበሩትን ጀማሪዎች አሳስቷል። በየጊዜው የጨመረችው ትኩስ ወተት ደግሞ የተፈጠረውን ጥቂት አሲድ እያቀጠነ ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሶታል። በመጀመሪያው ጠዋት ልጁ የጠጣው ኩባያ እርጎ አልነበረም፤ ሌሊቱን ውጭ ያደረ ጥሬ ወተት ነበር፣ ወይራ የሸተተ። አለመኮምጠጡ የደህንነቱ ምልክት መስሏት ነበር። በተቃራኒው፣ መከላከያው ገና አለመምጣቱን የሚናገር ምልክት ነበር።

ከላሞቹ አንዷ ጡቷ የታመመ ከሆነች ወይም ብሩሴላ ካለባት ነገሩ ይከብዳል። ብሩሴላ ላሟን ያስወርዳታል፣ ሰውን ደግሞ የሚመላለስ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ውስጥ ይከተዋል። የከብት ቲቢም በወተት ይተላለፋል። እነዚህ ሁለቱ ከቅሉ ግድግዳ የሚመጡ አይደሉም፤ ከላሟ ጋር አብረው ወተቱ ውስጥ የሚገቡ ናቸው። ግድግዳው ላይ ያረፈ ጭስ ሊትር ሙሉ ወተት ውስጥ የሚንሳፈፈውን አያገኘውም። የእርጎው አሲድም በእነዚህ ላይ እምነት የሚጣልበት አይደለም። «አያቶቻችን ጠጥተው ኖሩ» የሚለው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ነው። የኖሩት ናቸው የሚቆጠሩት። ወገቧን እያመማት ለዓመታት የኖረችውን፣ ልጅ ያስወረዳትን ሴት ማንም ከእርጎ ጋር አያይዞ አልቆጠራትም።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ወተቱ ይፍላ። በደጋው ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ያ ከበቂ በላይ ነው፤ ወተትን ለማከም 72 ዲግሪ ላይ 15 ሰከንድ ይበቃል። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ተቃውሞ የሚመጣው፤ «የፈላ ወተት አይረጋም፣ ቢረጋም ጣዕም የለውም፣ ቅቤም አይወጣውም።» ተቃውሞው ባዶ አይደለም። ማፍላት መጥፎውን ብቻ ሳይሆን ወተቱን የሚያረጉትንም ይገድላል። የፈላ ወተት ቅል ውስጥ ተደርጎ ዝም ቢባል የሚጀምረው ከአየርና ከዕቃ የገባው ነው፤ ያ ደግሞ ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ብዙ ጊዜም ይገማል እንጂ አይኮመጥጥም። ስለዚህ የፈላ ወተት እርሾ ይፈልጋል።

እርሾው የሚገዛ ነገር አይደለም። ንጹሕ ሆኖ በደንብ የረጋ ያለፈው እርጎ ነው። ወተቱ እንደታለበ ተጣርቶ ይፈላል፤ ማታ የታለበው እስከ ጠዋት ማደር የለበትም፣ ምክንያቱም አንዳንድ ባክቴሪያ ሌሊቱን የሠራው መርዝ በኋላ ቢፈላም አይጠፋም። ከፈላ በኋላ ተከድኖ ይቀዘቅዛል። በንጹሕ የእጅ አንጓ ላይ ጠብ ሲደረግ ሙቀትም ብርድም የማይሰማበት ደረጃ ሲደርስ፣ ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርሾ ይጨመርበትና ይማሰላል። ለአራት ሊትር አንድ የሻይ ብርጭቆ ገደማ ይሆናል። ከዚያ ታጥቦ፣ ታጥኖ፣ በደንብ የቀዘቀዘው ቅል ውስጥ ይገባል። በደጋ ቅሉ በጋቢ ተጠቅልሎ ሙቀት ካለበት ጥግ ይቀመጣል። እንዲህ ከተደረገ ብዙ ጊዜ አንድ ሌሊት ወይም አንድ ቀን ይበቃዋል፤ ሦስት ቀን መጠበቅ የለም። የመጀመሪያው እርሾ ከጥሬ ወተት እርጎ የተወሰደ ከሆነ በሽታውንም አብሮ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ፋብሪካ በታከመ ወተት ከተሠራ እርጎ መጀመር ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ የራስ እርሾ በራሱ ይቀጥላል።

ጣዕሙስ? የወይራው ጣዕም ያለው ቅሉ ላይ ነው፣ ወተቱ ቢፈላም ባይፈላም ፊኖሉ ወደ ስቡ መግባቱን አይተውም። የሚጠፋው የጥሬ ወተት የራሱ ጣዕም ነው። ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው፣ መደበቅም አያስፈልግም። ነገር ግን የወይራ እርጎ ብሎ የሚናፍቀው ሰው በአብዛኛው የሚናፍቀው ጭሱን ነው።

የቅቤው ነገር ደግሞ ለብቻው ይታይ። ወተት ሁሉ አንድ ቦታ አይደርስም። ለመግፋት የሚጠራቀመው ወተት ሳይፈላ ቢቀር፣ ከእሱ የሚወጣው ቅቤ ተነጥሮ ወጥ ውስጥ ከገባ እሳት ያገኘዋል። አሬራው አይብ ለመሆን በደንብ ከሞቀም እንደዚሁ ነው። የማያገኘው ጥሬው አሬራ ነው፣ ለልጆች በኩባያ የሚሰጠው፤ እንዲሁም ሳይነጠር ገንፎ ላይ ወይም ቂንጬ ላይ የሚደረገው ለጋ ቅቤ። አንዲት ቤት ወተቷን በሙሉ ማፍላት ካቃታት ቢያንስ በእርጎ መልክ የሚጠጣውንና ነፍሰ ጡርና ሕፃን የሚቀምሱትን ለይታ ታፍላ። ከንጽሕና መምህራን መካከል «ሁሉንም አፍሉ» ብቻ ብለው የሚሄዱት ብዙ ናቸው፤ ቅቤ የዓመቱ ገቢዋ ለሆነ ሴት ያ ምክር በር ላይ የሚቀር ምክር ነው።

ወደ ሁለተኛው ወገን፣ ወደ ካንሰር ፍርሃት ስንመጣ፣ ፍርሃቱ መሠረት አለው። እንጨት በነበልባልና አየር ባነሰው ሁኔታ ሲቃጠል ቤንዞፓይሪን የሚባል ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ የሚቀመጠው በጥቀርሻው ላይ ነው፣ እሱም እንደ ፊኖሉ ቅባት ወዳድ ነው። ስለዚህ ጥቀርሻ የለበሰ ቅል ውስጥ ስብ ያለው ወተት ለቀናት ማስቀመጥ ጥሩ ሐሳብ አይደለም። መልሱ ግን ቅሉን መጣል ሳይሆን ነበልባሉን ማጥፋት፣ ጥቀርሻውን መጥረግ፣ ማጠኑንም አለማብዛት ነው። ደግሞስ ከእርጎው የሚገኘው ጭስ በግድግዳው ላይ ከቀረው የተረፈው ብቻ ነው። የምታጥነዋ ሴት በየቀኑ በተዘጋ ማድ ቤት የምትስበው ጭስ ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ለጤና የተጨነቀ ሰው መጀመሪያ ቅሉ ከቤት ውጭ እንዲታጠን ያድርግ።

በጎረቤት ኬንያ ያለው የካለንጂኖች ሙርሲክ ለዚህ ክርክር ጥሩ ማሳያ ነው። እሱም በቅል የሚረጋ ወተት ነው፤ ልዩነቱ የተመረጠ ዛፍ ቅርንጫፍ ከሰል እስኪሆን ተቃጥሎ በቅሉ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ መታሸቱ ነው፣ ወተቱም ግራጫ ቀለም ይይዛል። በምዕራብ ኬንያ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር መብዛቱ ሲታይ ብዙ ሰው ጣቱን ወደ ከሰሉ ቀሰረ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ግን ስምንት የሙርሲክ ናሙናዎችን መርምሮ በአምስቱ ውስጥ አሳሳቢ መጠን ያለው አሴታልዴሃይድ አገኘ። ይህን የሚፈጥሩት እርሾ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ወተቱ ውስጥ ጥቂት አልኮል እየሠሩ። ስምንት ናሙና ብዙ አይደለም፣ ጥናቱም ሙርሲክ ካንሰር ያመጣል ብሎ የሚያስፈርድ አይደለም። ይሁንና ሰው ሁሉ ጭሱንና ከሰሉን ሲያይ፣ የተገኘው ነገር የመጣው ወተቱን ካረጉት ተህዋስያን ነው። ለእኛም እርጎ ይህ የሚነግረው ነገር አለ፤ ለሳምንታት በቆየ ቅል ውስጥ አረፋ እያነሳ፣ ጠላ ጠላ እየሸተተ የሚሄድ እርጎ «አሮጌና ጠንካራ» ተብሎ ባይወደድ ይሻላል።

እርጎው መበላሸቱ በዓይንና በአፍንጫ የሚታወቅበት ጊዜ አለ። ጥሩ እርጎ ወጥ ሆኖ የረጋ ነው፤ ሲጨለፍ ጠርዙ ይቆማል፣ ኮምጣጣነቱም ንጹሕ ነው። ውስጡ በአረፋ ቀዳዳ ተበሳስቶ ከተገኘ ወይም ክዳኑን እየገፋ ካበጠ ከእዳሪ የሚመጡ ባክቴሪያዎች ወይም እርሾ ፈንገስ ገብተውበታል። ማንኪያ ሲነሳ እንደ ክር የሚሳብ፣ ምላስ ላይ የሚመር፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ያወጣ እርጎ ይደፋል፤ ላዩን ገፎ ሥሩን መብላት የለም። ጥቂት አጓት ከላይ መጥራቱ ግን ችግር አይደለም፣ ሲቆይ ወይም ሲነቀነቅ የሚሆን ነው። ብሩሴላና ቲቢ ደግሞ ምንም ምልክት አያሳዩም፤ እጅግ ያማረ እርጎ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ሻጋታ ከያዘ መኖ ወደ ወተት የሚያልፈው አፍላቶክሲንም እንዲሁ ነው፣ እሱን ጭስም እሳትም አያወጣውም፤ የሚከላከሉት የላሟን ፋጉሎ ደረቅ ቦታ በማስቀመጥ ነው።

በከተማ የሚሸጠው እርጎ ላይ የጭሱ ሽታ ሌላ ሥራ ጀምሯል። ገዢው ሲሸትተው የአያቱ ቤት ትዝ ይለዋል፣ ይከፍላል። ሻጩ ወተቱን ከየት እንዳመጣው፣ ስንት ሰዓት ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ፀሐይ ላይ እንደቆየ አይጠየቅም። ጀሪካኑ አንገቱ ጠባብ ነው፣ እጅ አይገባበትም፣ ውስጡ ሲጫጫር ወተቱ በጭረቱ ውስጥ ይቀራል፤ ሊታጠንም አይችልም፣ ይቀልጣልና። ቅልን ጥሎ ጀሪካን መያዝ እንደ ሥልጣኔ ሲቆጠር ማየት የሚያሳዝነው ለዚህ ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በልኩ የታጠነ ቅል ይሻላል። ከሁለቱም የሚሻለው አፈ ሰፊ የማይዝግ ብረት ዕቃ ነው፤ ለማጓጓዝ እሱ፣ ለማርጋት ቅሉ።

እንግዲህ እርጎ ገዢው ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበቃዋል። ወተቱ ፈልቶ ነበር? በእርሾ ነው የረጋው ወይስ በራሱ? ቅሉ የታጠበው መቼ ነው? ስለ ወይራው መጠየቅ አያስፈልግም፣ እሱ ሳይጠየቅ ከበሩ ጀምሮ ይናገራል። አፍልታ፣ እርሾ ጨምራ፣ ቅሏን በየጊዜው አጥባ የምትሸጥ ሴት በሊትር ጥቂት ብር ብትጨምር ትክክል ናት፤ እንጨቱ፣ ውሃው፣ ሲፈላ የሚቀንሰው ወተት ሁሉ ከኪሷ ነውና።